400ው የኦቨኑ፣ 165ቱ የዶሮው

*«ሜሪላንድ ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። ውስጡ ቺዝና ብሮኮሊ የተሞላ፣ ላዩ በዳቦ ፍርፋሪ የተሸፈነ ፍሮዝን የዶሮ ደረት እገዛለሁ። የሣጥኑን ጀርባ ፎቶ አንስቼ ልኬላችኋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ለንደን ላለችው እህቴ ደውዬ ስጠይቃት «200 ላይ አድርጊው» አለችኝ። 45 ደቂቃ አቆይቼ ስቆርጠው ጥሬ ነው፣ መሃሉም ቀዝቃዛ። በሁለተኛው ጊዜ ሣጥኑ እንደሚለው 400 አደረግኩና ቴርሞሜትር ወጋሁበት። 165 እስኪል ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 97 ላይ ቆሞ ቀረ። ዶሮው እንደ እንጨት ደርቋል። የተበላሸው ኦቨኑ ነው ወይስ ቴርሞሜትሩ? ደግሞስ ከኦቨን ከወጣ በኋላ 5 ደቂቃ ይቆይ የሚለው ለምንድን ነው? ልጆቼ ርቧቸው ከሚጠብቁ ወዲያው ባቀርብላቸው ምን ይሆናል?»*

ውድ ጠያቂያችን፣ ኦቨኑም ቴርሞሜትሩም ደህና ናቸው። ችግሩ አራት ተናጋሪዎች በሁለት የተለያየ መለኪያ መናገራቸው ነው፤ ኦቨንዎና ሣጥኑ በፋራናይት፣ እህትዎና ቴርሞሜትርዎ በሴልሲየስ።

ቴርሞሜትሩ በሴልሲየስ እንደሚያነብ እርግጠኛ የሆንነው ከደብዳቤዎ ነው። 97 ፋራናይት ማለት 36 ሴልሲየስ፣ የሰው ገላ ሙቀት ማለት ነው። የጋለ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት የቆየ ዶሮ ለብ ብሎ አይቀርም፣ እንደ እንጨትም አይደርቅም። 97 ሴልሲየስ ከሆነ ግን ነገሩ ይገጥማል። ሥጋ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ሴልሲየስ አያልፍም፤ ከዚያ በላይ የሚገባው ሙቀት ሁሉ ውኃውን ወደ እንፋሎት በመቀየር ያልቃል። ስለዚህ ቁጥሩ 97 አካባቢ ተገትሮ ይቀራል፣ ሥጋው ደግሞ ደቂቃ በደቂቃ ይደርቃል። ሣጥኑ የጠየቀው 165 በእርስዎ ቴርሞሜትር 74 ነበር። ዶሮው 74ን አልፎ የሄደው አንድ ሰዓቱ ከመሙላቱ አስቀድሞ መሆን አለበት።

የመጀመሪያው ቀን ስህተት የዚህ ግልባጭ ነው። እህትዎ 200 ሲሉ ሴልሲየስ ማለታቸው ነው፤ ልክም ናቸው። የእርስዎ ኦቨን ግን 200 ሲባል የሚያውቀው 200 ፋራናይትን ነው፣ እሱም 93 ሴልሲየስ ብቻ ነው። ይህ የተሠራ ምግብ እንዳይቀዘቅዝ ማቆያ ሙቀት እንጂ ፍሮዝን ዶሮ ማብሰያ አይደለም። ከዚያ ቀን የተረፈ ፍሪጅ ውስጥ ካለ ይጣሉት፤ እንደገና በማሞቅ ለማዳን አይሞክሩ። ያን ያህል ዝቅ ባለ ሙቀት ውስጥ ዳር ዳሩ ከቅዝቃዜ ወጥቶ፣ ግን ሳይበስል፣ ባክቴሪያ በሚራባበት ለብታ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቷል።

አሁን ወደ ልወጣው እንሂድ። ትክክለኛው ስሌት ይህ ነው፦

```
C = (F − 32) × 5 ÷ 9
```

የሣጥንዎን 400 እንውሰድ። 32 ሲቀነስ 368 ይሆናል፤ በ5 ሲባዛ 1840፤ ለ9 ሲካፈል 204። 165ም እንዲሁ ነው፤ 133፣ ከዚያ 665፣ ከዚያ 74 ገደማ። ብዙ ሰው ይህን ስሌት ትቶ በግማሽ ይቆርጣል፤ 400 ፋራናይት 200 ሴልሲየስ፣ 350 ደግሞ 175 ይላል። ለኦቨን ሙቀት ይህ አቋራጭ ጥሩ ነው፤ የሚሳሳተው በጥቂት ዲግሪ ስለሆነ ምግቡ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። ከኦቨን ውጭ ግን አይውሰዱት። የሥጋውን 165 በግማሽ ቢቆርጡ 82 ይላል፤ እስከዚያ ከጠበቁ ደረቱ ደርቋል። ፍሪጅ ከ40 ፋራናይት እንዳይበልጥ የሚባለውን በግማሽ ቢቆርጡ ደግሞ 20 ያገኛሉ። ትክክለኛው 4 ነው። 20 ላይ ሥጋ ማስቀመጥ ጠረጴዛ ላይ ከመተው አይለይም። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አቋራጩ ይበልጥ ይዋሻል።

አንድ ሰው የማያስበው ወጥመድም አለ። ሣጥኑ «ሙቀቱን በ25 ዲግሪ ቀንሱ» ሲል 25 ልዩነት እንጂ ሙቀት አይደለም፤ ስለዚህ 32 አይቀነስለትም። በ5 ተባዝቶ ለ9 ይካፈላልና 14 ሴልሲየስ ይሆናል። በስልክ መለወጫ 25 ፋራናይት ብለው ቢያስገቡ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ያመጣልዎታል፤ ለመቀነስ ፈልገው ግራ ይጋባሉ።

ለእርስዎ ቤት ግን ምርጡ መፍትሔ ጭራሽ አለመለወጥ ነው። ዲጂታል ቴርሞሜትሮች አብዛኞቹ C/F የሚል ቁልፍ አላቸው፤ ከጀርባቸው ወይም ከባትሪው ክዳን ሥር ይፈልጉት። ወደ F ያዙሩትና እዚያው ይተዉት፤ ከዚያ በኋላ ሣጥኑ፣ ኦቨኑና ቴርሞሜትሩ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። መዞሩን ለማረጋገጥ ብርጭቆ በበረዶ ሞልተው ቀዝቃዛ ውኃ ይጨምሩበትና አማስለው ጫፉን ይንከሩት። 32 ካለ በፋራናይት ነው፣ ልክም ነው። 0 ካለ ገና ሴልሲየስ ላይ ነው። በፈላ ውኃ መፈተንም ይቻላል፤ እርስዎ ካሉበት ዝቅተኛ አገር 212 ፋራናይት አካባቢ ያሳያል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በዚያው መንገድ ቢፈትን ግን ከከፍታው የተነሣ ውኃ በ92 ሴልሲየስ ገደማ ስለሚፈላ፣ ደህናውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል። የበረዶው ፈተና ለሁሉም አገር ይሠራል።

መለኪያው ከተስተካከለ ወደ ፎቶው እንመለስ። ሣጥኑ ላይ ከሁሉም በላይ በትልቁ የተጻፈው ቃል «አንኩክድ» ነው፣ ጥሬ ማለት። ይህን ቃል ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ምክንያቱም ዶሮው ጥሬ አይመስልም። ፋብሪካው የዳቦ ፍርፋሪውን እንዲይዝለት ላዩን ለአጭር ጊዜ ዘይት ውስጥ ይጠብሰዋል፤ ቅርፊቱ ወርቃማ ይሆናል፣ ውስጡ ግን ገና ጥሬ ሥጋ ነው። ገዢው ማሞቅ ብቻ የሚበቃው ይመስለዋል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ደህንነት ቁጥጥር አገልግሎት በ2024 ስለዚህ ምርት ውሳኔ ሲሰጥ እንደገለጸው፣ ከ1998 ጀምሮ 14 የሳልሞኔላ ወረርሽኞች ከዚህ ዓይነቱ ተሞልቶ በፍርፋሪ ከተሸፈነ ጥሬ ዶሮ ጋር ተያይዘው ተመርምረዋል። ስለዚህ የቅርፊቱ ቀለም ምንም አይነግርዎትም፤ ከኦቨን በፊትም ወርቃማ ነበር። ሣጥኑም ማይክሮዌቭ የሚከለክለው በዚሁ ምክንያት ነው። ማይክሮዌቭ አንዱን ጎን አፍልቶ ሌላውን ቀዝቃዛ ሊተው ይችላል። እጅዎን፣ ትሪውንና ያስቀመጡበትን ቦታም እንደማንኛውም ጥሬ ዶሮ ይጠቡ።

ቀጥሎ «ኮንቬንሽናል ኦቨን» ይላል። ከዚህ ቃል ጋር የሚምታታ ሌላ ቃል አለ፤ «ኮንቬክሽን»። ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ኮንቬንሽናል ተራው፣ ማራገቢያ የሌለው አጋጋር ነው፤ ኦቨንዎ ላይ `Bake` የሚለው ቁልፍ። ኮንቬክሽን ደግሞ ትኩሱን አየር በማራገቢያ የሚያዞረው ነው፤ `Conv Bake` ተብሎ ይጻፋል። አየሩ ስለሚንቀሳቀስ ሙቀቱ ቶሎ ይገባል፤ ስለዚህ ከሣጥኑ ቁጥር 25 ፋራናይት ይቀነሳል፣ 400 የነበረው 375 ይሆናል። አንዳንድ ኦቨኖች ግን ይህን ቅናሽ ራሳቸው ያደርጋሉ፤ 400 አስገብተው ስክሪኑ 375 ካሳየ እርስዎ ደግመው አይቀንሱ። ሁለት ጊዜ ከተቀነሰ 350 ላይ ይወርዳል፣ ሰዓቱም አይበቃም። ለአሁኑ `Bake` ላይ ይቆዩ፤ የሣጥንዎ ደቂቃዎች የተለኩት በእሱ ነው። የእህትዎ አገር ሣጥኖች ለአንድ ምግብ ሦስት ቁጥር ጎን ለጎን ያትማሉ፤ 200 ለተራው፣ 180 ለማራገቢያው፣ ጋዝ 6 ደግሞ ለጋዝ ኦቨን። ሦስት ምርጫ አይምሰልዎት፤ አንዱ ሙቀት በሦስት መንገድ ሲጻፍ ነው።

ከዚያ ሰዓቱ ይመጣል። በላኩት ፎቶ ላይ ሁለት መስመር አለ፦ ለ1 ወይም 2 ፍሬ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ፣ ከ3 እስከ 6 ፍሬ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። ብዙ ፍሬ ብዙ በረዶ ነው፤ የኦቨኑን አየርና ትሪውን ያቀዘቅዛል። እነዚህ ደቂቃዎች በደንብ ሲነበቡ ብዙ ነገር አስቀድመው ይገምታሉ። ዶሮው ከፍሪዘር በቀጥታ የወጣ ነው፣ ትሪው ብረት ነው፣ ፍሬዎቹ አይነካኩም፣ እያንዳንዱ ፍሬ 5 አውንስ ነው። አውንስ 28 ግራም ከሩብ ያህል ስለሆነ አንዱ ፍሬ 142 ግራም ይመዝናል። ሌላ ፋብሪካ 7 አውንስ የሚመዝን ፍሬ ከሸጠልዎ፣ ማለትም 200 ግራም ገደማ፣ የዚህን ሣጥን ሰዓት ለዚያኛው አይጠቀሙ። ከመስታወት የተሠራ የመጋገሪያ ሳህንም ለዚህ ሥራ አይሁን፤ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሥሩን ነጭ ያስቀረዋል፣ ከዚህም በላይ የጋለ መስታወት ላይ በረዶ የያዘ ሥጋ ቢያርፍበት ሊፈነዳ ይችላል።

«ፕሪሂት» የሚለው አስቀድሞ ማጋል ነው። ኦቨኑ ጢጥ ሲል 400 የደረሰው መለኪያው አጠገብ ያለው አየር ነው፤ ግድግዳውና መደርደሪያው ገና ናቸው። በሩን ሲከፍቱ ያ አየር በአንድ ጊዜ ይወጣና ዶሮው ቀዝቃዛ ግድግዳ መሃል ይቀራል። ከድምፁ በኋላ 10 ደቂቃ ይታገሱ።

አሁን አራት ፍሬ ለእራት የሚሠሩ እንበል። ከጢጥታው 10 ደቂቃ በኋላ አራቱን ሁለት ሁለት ጣት እያራራቁ ትሪ ላይ ደርድረው መሃል መደርደሪያ ላይ ያስገቡና ሰዓቱን 35 ላይ ይሙሉ። ሲሞላ ትሪውን አውጥተው የኦቨኑን በር ወዲያው ይዝጉ፣ ሙቀቱ እንዳይባክን። ቴርሞሜትሩን ከላይ ሳይሆን ከጎን ያስገቡ፤ ከላይ ሲወጉት ቀጭኑን አቋርጦ ወደ ትሪው ይወርድና የብረቱን ሙቀት ያነባል። ወፍራሙን ቦታ ፈልገው ጫፉን እስከ መሃሉ ይግፉት፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብለው ይሳቡት። ቁጥሩ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። የሚፈልጉት ዝቅተኛውን ነው። በዚህ ዶሮ ላይ ዝቅተኛው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሥጋውና ቺዙ በሚገናኙበት ላይ ነው፤ ቺዙ ከጥሬ ሥጋ ጋር ስለተነካካ እሱም 165 መድረስ አለበት።

የመጀመሪያው ፍሬ 168 አለ እንበል። ሁለተኛው 166፣ ሦስተኛው 151፣ አራተኛው 158። አንዱን ብቻ ለክተው ቢያቆሙ ኖሮ ሁለት ጥሬ ፍሬ ለልጆች ይቀርብ ነበር። የደረሱትን ሁለቱን አንሥተው ያስቀምጡ፤ የቀሩትን ለ5 ደቂቃ ይመልሱ። ቴርሞሜትሩን በሳሙናና በሙቅ ውኃ ሳያጥቡ ደግመው አይውጉ፤ ያልበሰለ ሥጋ ነክቷል። ከ5 ደቂቃው በኋላ ሦስተኛው 166፣ አራተኛው 170 ካሉ ሥራው አልቋል። ሁልጊዜ የሚዘገዩት በአንድ ወገን ያሉት ከሆኑ ኦቨንዎ በዚያ በኩል ቀዝቃዛ ነውና የማብሰያው ጊዜ እኩል ሲሆን ትሪውን ያዙሩት። አራቱም 40 ደቂቃ አልፎ ገና 140 አካባቢ ከሆኑ ግን ኦቨኑ ከሚያሳየው በታች እየሞቀ ነው። መደርደሪያው ላይ የሚንጠለጠል ርካሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ገዝተው 400 ሲሞሉ በእርግጥ ስንት እንደሚሆን ይዩ። 375 ብቻ ካለ ከዚያ ወዲያ 425 ይሙሉ።

ከሣጥኑ ቁጥሮች ሁሉ የማይታለፈው ይህ 165 ነው። 400ውም ደቂቃዎቹም ወደዚያ መድረሻ መንገዶች ናቸው፤ ኦቨን ከኦቨን ስለሚለያይ ይዛነፋሉ። ሥጋው ሮዝ መሆኑን ወይም ጭማቂው መጥራቱን አይመኑ። 165 ደርሶም ሮዝ የሚሆን ዶሮ አለ፣ ሳይደርስ የሚነጣም አለ።

ስለ 5 ደቂቃው ዕረፍት የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን እንደ ምግቡ ይለያያል፣ ሣጥኖችም ምክንያቱን አይጽፉም። በእርስዎ ዶሮ ላይ ዕረፍቱ ማብሰያ አይደለም። ከኦቨን ሲወጣ ቅርፊቱና ዳሩ ከመሃሉ እጅግ ስለሚሞቁ ሙቀቱ ወደ ውስጥ መግባቱን ይቀጥላል፣ መሃሉም ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። ነገር ግን 158 ላይ አውጥተው «ሲያርፍ ይደርሳል» አይበሉ፤ 142 ግራም የሚመዝን ትንሽ ፍሬ ብዙ ሙቀት አልያዘም፣ ላይደርስም ይችላል። 165ን ከዕረፍቱ በፊት ያንብቡ።

ዕረፍቱ የሚጠቅመው ለቺዙና ለጭማቂው ነው። ወዲያው ቢቆረጥ የቀለጠው ቺዝ እንደ ውኃ ወደ ሳህኑ ይፈሳል፣ ከሥጋው የሚወጣው ጭማቂም ተከትሎት ቅርፊቱን ያርሰዋል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ቺዙ ወፈር ብሎ ቦታው ላይ ይቆያል። ለልጆችዎ ደግሞ ዋናው ምክንያት ቃጠሎ ነው። ትኩስ ቺዝ ላንቃ ላይ ይጣበቃል፣ እንደ ሾርባ ተንሸራቶ አይሄድም፤ ከላይ ያለው ቅርፊት በርዶ ሲነካ ውስጡ ገና የሚያቃጥል ይሆናል። ርቧቸው ከሆነ 5 ደቂቃውን ጠብቀው ቆራርጠው ይክፈቱላቸው፤ ተከፍቶ ቶሎ ይበርዳል። ሲያርፍ በፎይል አይሸፍኑት፣ እንፋሎቱ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል። የሽቦ መደርደሪያ ካለ እዚያ ላይ ይሁን፤ ሥሩም አየር ያገኛል።

ሌላ ሣጥን ሲገዙ ግን ይህን መልስ እንዳለ አይውሰዱት። በማይክሮዌቭ የሚሠራ ላዛኛ «2 ደቂቃ ይቆይ» ካለ ያ ጊዜ የማብሰያው ክፍል ነው፤ የጋለው ቦታ ቀዝቃዛውን የሚያሞቀው ያኔ ነው፣ ቢዘለል መሃሉ ሳይሞቅ ይቀራል። ሙሉ ቁራጭ የበሬ፣ የበግ ወይም የአሳማ ሥጋ 145 ፋራናይትና 3 ደቂቃ ዕረፍት ሲባልም ዕረፍቱ የደህንነቱ መለኪያ ውስጥ ገብቷል፤ ባክቴሪያው በዚያ 3 ደቂቃም መሞቱን ይቀጥላል። በዶሮ ግን 165 ላይ ሥራው ስላለቀ ዕረፍቱ የአበላል ጉዳይ ነው።

በሁለተኛው ቀን የደረቀብዎትን በተመለከተ፣ እሱ በደንብ በስሏልና በወቅቱ ፍሪጅ ገብቶ ከሆነ በሦስት አራት ቀን ውስጥ ሊበላ ይችላል። ቅርፊቱን ገፈው ሥጋውን በእጅ ይዘልዝሉትና ትኩስ ስልስ ውስጥ ጨምረው ለ10 ደቂቃ ያንተክትኩት። የወጣበት ውኃ ወደ ሥጋው አይመለስም፣ ስልሱ ግን ያርሰዋል፤ ለፓስታ ይሆናል።